አሜሪካ ውስጥ ስልክ በወርሃዊ ክፍያ መግዛት፦ ከፊርማው እስከ ተዘጋው መስመር

ባለፈው የገና ዕለት ጠዋት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ሦስት ሰዎች ስልካችን አንድ ላይ ተዘጋ። እኔ መጀመሪያ የኔ ብቻ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። ከዚያ የአጎቴ ልጅ በዋይፋይ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ባንክ ልትገባ ፈልጋ ኮዱ አልመጣላትም። የአጎቴ ባለቤትም መደወል አልቻሉም። ሂሳቡ በአጎቴ በጋሼ ስም ነው፣ ጋሼ ደግሞ አዲስ አበባ ናቸው፣ ከሄዱ አራተኛ ሳምንታቸው ነው።

ነገሩ ኋላ ሲጣራ ቀላል ነበር። ቢሉ በየወሩ በራሱ የሚከፈልበት የዲቢት ካርዳቸው የአገልግሎት ጊዜ ኅዳር ላይ አልቋል። አዲሱ ካርድ በፖስታ መጥቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የስልክ ድርጅቱ ማስጠንቀቂያ ልኳል፣ ግን የላከው ማንም ወደማይከፍተው የድሮ ኢሜላቸውና አዲስ አበባ ሲደርሱ ወዳጠፉት መስመር ነው። እሳቸው እዚያ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ገዝተው ሊያስገቡ ቢሞክሩ ስልኩ አልቀበልም አለ፣ ዕዳው ስላላለቀ ሎክ ነው። አንድ ያለፈበት ካርድ ሁለት አገር ላይ ሰው አስቸገረ።

ያን ሳምንት ውሉን ከመሳቢያ አውጥቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ቀድሜ ባነብበው ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር። እዚህ የምጽፈው በዋናነት አሜሪካ ላለነው ነው። የሌላ አገር ሕግ ይለያል።

መጀመሪያ፦ ወረቀቱ አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ውል ነው

ሱቅ ገብታችሁ ስልክ በወርሃዊ ክፍያ ስትወስዱ አንድ ስክሪን ላይ በጣታችሁ ትፈርማላችሁ። ግን የፈረማችሁት ሦስት የተለያየ ነገር ላይ ነው።

አንደኛው የስልኩ ዕዳ ነው። የስልኩ ሙሉ ዋጋ ለወራት ተካፍሎ በየወሩ ቢሉ ላይ ይመጣል። ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቬራይዘን በአብዛኛው በ36 ወር ያካፍሉታል፣ ቲ-ሞባይል ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በ24 ወር ነው። ሁለተኛው የመስመሩ አገልግሎት ነው፤ ጥሪው፣ መልእክቱ፣ ኢንተርኔቱ። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ከወር ወደ ወር የሚሄድ ስለሆነ በፈለጋችሁ ጊዜ ልታቋርጡት ትችላላችሁ። ሦስተኛው ቅናሹ ነው። “ስልኩ ነጻ ነው” ሲሏችሁ የሚያወሩት ስለዚህኛው ነው።

ቅናሹ የሚሠራው እንዲህ ነው። ስልኩን በነጻ አይሰጧችሁም። ሙሉ ዋጋውን ያስከፍሏችኋል፣ ከዚያ በየወሩ የዚያኑ ያህል ብር ቢሉ ላይ ይቀንሱላችኋል። ቢሉ ላይ ይሄ መቀነሻ “ክሬዲት” ተብሎ ይጻፋል (ባንክ ከሚያየው የክሬዲት ታሪክ ጋር አታምታቱት)። ስለዚህ ዕዳው አለ፤ በየወሩ ሌላ እጅ ይከፍልላችኋል። ያ እጅ የሚከፍለው ደግሞ መስመሩ ክፍት እስከሆነ፣ ቢሉ እስከተከፈለና ስትገዙ የተመረጠው ፓኬጅ እስካልተቀየረ ድረስ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ስልኩን ቀድማችሁ ልትከፍሉ ስታስቡ፣ ድርጅት ልትቀይሩ ስትሉ፣ ወይም ቢል ሳትከፍሉ ስትቀሩ፣ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከሦስቱ የትኛው ይነካል?

ከመፈረማችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ የምታሰሉት

የጋሼን ስልክ ምሳሌ ላድርገው። ዋጋው 900 ዶላር ነው። 900 ለ36 ሲካፈል በወር 25 ዶላር ይመጣል። ቅናሹም በወር 25 ነው። ሻጩ “ዜሮ ነው የምትከፍሉት” ያላቸው ለዚህ ነው፣ በወሩ ሂሳብ ከሆነ አልዋሸም።

ግን ያን ቀን ከኪሳቸው 89 ዶላር ወጥቷል። ሜሪላንድ የሽያጭ ግብር 6 በመቶ ነው፣ እና ግብሩ የተሰላው ከቅናሹ በኋላ ባለው ዋጋ ላይ ሳይሆን በሙሉ 900 ዶላሩ ላይ ነው። ያ 54 ዶላር ነው። ላዩ ላይ 35 ዶላር የማስጀመሪያ ክፍያ ተጨመረ። ይሄ ሁለቱ ቢሉ ላይ ተደባልቆ ከመጣ ብዙ ሰው “ነጻ ነው ተብዬ ለምን ከፈልኩ” ብሎ ይጣላል። ቀድማችሁ ጠይቁ፦ “ዛሬ ስንት እከፍላለሁ፣ የመጀመሪያው ቢል ላይስ ስንት ይመጣል?”

ሁለተኛው የምትጠይቁት ፓኬጁ ነው። ቅናሹን ለማግኘት ጋሼ በወር 10 ዶላር ወደሚበልጥ ፓኬጅ እንዲገቡ ተደርገዋል። 10 ዶላር በ36 ወር 360 ዶላር ነው። ያም ሆኖ 900 ዶላር የሚያወጣ ስልክ ነውና አልከሰሩም። ግን 900 ዶላር አተረፍኩ ብለው ካሰቡ ትክክል አይደለም። ትርፋቸው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ሦስተኛው፣ አዲስ ለመጣ ሰው ነው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ መጥታችሁ የክሬዲት ታሪክ ገና ከሌላችሁ፣ ያው ማስታወቂያ ላይ ያለው ስልክ ለእናንተ ቅድመ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል። ይሄ ቅጣት ወይም ወለድ አይደለም። ከስልኩ ዋጋ ላይ አስቀድሞ የሚከፈል ነው፣ የቀረው ለወራት ይካፈላል። ቅድመ ክፍያው ከወርሃዊው ላይ መቀነሱን ግን በዐይናችሁ እዩ። 900 ዶላር ስልክ ላይ 180 ከከፈላችሁ፣ የቀረው 720 ነው፣ በ36 ወር 20 ዶላር መምጣት አለበት። 25 ከመጣ አንድ ነገር ተሳስቷል።

ወለዱ የት ነው ያለው?

ትልልቆቹ ሦስቱ ድርጅቶች በራሳቸው የሚሸጡት ስልክ በአብዛኛው ወለድ የለውም፣ ወረቀቱ ላይ 0% ተብሎ ይጻፋል። ወለድ የምታገኙት ሌላ ቦታ ነው። በየገበያ ማዕከሉ ያሉ ሱቆች፣ ኢንተርኔት ላይ ስትገዙ “አሁን ውሰድ፣ በየወሩ ክፈል” የሚሉት አበዳሪዎች፣ እና ወርሃዊ ውል በሌላቸው ርካሽ መስመሮች ሱቅ ውስጥ የሚቀርበው ኪራይ።

እዚህ ላይ ሕጉ ይረዳችኋል። በ1968 በወጣው የብድር ግልጽነት ሕግ መሠረት፣ ወለድ ያለው ወይም ከአራት ጊዜ በላይ ተከፋፍሎ የሚከፈል የሸማች ብድር ወጪው በግልጽ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ወለድ ካለው ውሉ ላይ በሳጥን ተለይተው የሚጻፉ ቁጥሮች አሉ። ሦስቱን ፈልጉ፦ የዓመቱ የወለድ መጠን በመቶኛ፣ ወለዱ በዶላር ስንት እንደሆነ፣ እና በመጨረሻ የምትከፍሉት ጠቅላላ ድምር። ሻጩ በወር ስንት እንደሆነ ብቻ ደጋግሞ ከነገራችሁ፣ ጣታችሁን ድምሩ ላይ አድርጋችሁ አንብቡት።

አንድ ምሳሌ ላስላ። 800 ዶላር ስልክ፣ 24 ወር፣ በዓመት 30 በመቶ። ወርሃዊ ክፍያው 44 ዶላር ከ73 ሳንቲም ነው። ለጆሮ ትንሽ ይመስላል። ድምሩ ግን 1,073 ዶላር ከ50 አካባቢ ይመጣል፣ ማለትም 273 ዶላር ተኩል ወለድ ነው። 30 በመቶ ሲባል ብዙ ሰው “የ800 ዶላር 30 በመቶ 240 ነው” ይላል። እንደዚያ አይደለም፣ በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ይታሰባል፣ እና ሁለት ዓመት ነው።

ኪራዩ ከዚህም ይብሳል። ክሬዲት የሌለውን ሰው “ክሬዲት አንጠይቅም” ብለው የሚያስፈርሙት ብዙ ጊዜ ብድር ሳይሆን የኪራይ ውል ነው። ስልኩ የእናንተ አይደለም፣ እየተከራያችሁ ነው፣ መጨረሻ ላይ የእናንተ ይሆናል። ኪራይ ስለሆነ የወለድ መጠን የሚባለው ሳጥን ላይኖር ይችላል። ወለድ የለውም ማለት ግን አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ከከፈላችሁ በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጥበት እጥፍ አካባቢ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። እንዲህ ዓይነት ውል ውስጥ ከገባችሁ አንድ መውጫ ፈልጉ፦ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ውስጥ ከፍላችሁ ብትጨርሱ ከዋናው ዋጋ ብዙም የማይርቅ ገንዘብ ያስከፍላሉ። ቀኑን ካላንደር ላይ አስገቡ። በራሱ አይሆንም፣ ደውላችሁ “ቀድሜ መግዛት እፈልጋለሁ” ማለት አለባችሁ።

ቀድሞ መክፈል፦ መቼ ያዋጣል፣ መቼ ያከስራል

እናቶቻችን ያሳደጉን ዕዳ ቶሎ ክፈሉ እያሉ ነው። ለስልክ ግን እንደ ውሉ ይለያያል።

ወለድ ካለው ቀድሞ መክፈል ይጠቅማል፣ ግን ቶሎ ሲሆን ነው። ከላይ ያለውን የ800 ዶላር ስልክ ልክ በዓመቱ፣ 12 ጊዜ ከከፈላችሁ በኋላ ልትዘጉት ብትሉ፣ የሚቀረው ዕዳ 459 ዶላር አካባቢ ነው። እስከመጨረሻ በየወሩ ብትከፍሉ 537 ይሆን ነበር። ያተረፋችሁት 78 ዶላር ነው። ከ273ቱ ወለድ ግማሹን ያህል እንኳ አልሆነም፤ ምክንያቱም ዕዳው ትልቅ በነበረባቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ወለዱ ተከፍሎ አልቋል። ስለዚህ የግብር ተመላሽ ሲመጣ ልትዘጉት ካሰባችሁ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሳይሆን አሁን ይሁን። ውሉ ላይ ቀድሞ ስለመክፈል የሚያወራውን መስመርም አንብቡ። ቀድሞ በመክፈል ቅጣት አለ ወይስ የለም፣ ያልደረሰው ወለድ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም የሚለው እዚያ ተጽፏል።

ወለድ ከሌለው ቀድሞ መክፈል በገንዘብ ምንም አያተርፍም። የጋሼ ስልክ 22 ወር በ25፣ 550 ዶላር ይቀረዋል፤ ዛሬ ብትከፍሉትም በ22 ወር ብትከፍሉትም ያው 550 ነው። ቅናሽ ካለው ደግሞ ልትከስሩ ትችላላችሁ። አንዳንዱ ድርጅት ዕዳው ዜሮ ሲሆን ቅናሹንም ያቆመዋል፤ ሌላው መስመሩ እስካለ ድረስ ቅናሹን ቢሉ ላይ ይቀጥላል። በአንድ ድርጅት ውስጥም እንደ ማስታወቂያው ይለያያል። የጋሼን ስልክ ቀድመን ከፍለን ቅናሹ ቢቆም ኖሮ፣ እሳቸው በነጻ ያገኙት የነበረውን 550 ዶላር ከኪሳችን እንሰጥ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በድርጅቱ ቻት ላይ ጠይቁ፣ “ዕዳውን ዛሬ ብዘጋ የቀሩት ቅናሾች ይቀጥላሉ?” ብላችሁ። በስልክ አትጠይቁ፣ በጽሑፍ ይሁን። መልሱን ፎቶ አንሱት።

ታዲያ ወለድ የሌለውን ማን ቀድሞ ይከፍላል? ስልኩን አገር ቤት ይዞ የሚሄድ ወይም ለእናቱ የሚልክ ሰው። ዕዳው ሳያልቅ ስልኩ ብዙ ጊዜ ሎክ ነው፣ አዲስ አበባ ሄዶ የሌላ ድርጅት ሲም አይቀበልም። ኤቲ ኤንድ ቲ ሎኩን ለመክፈት ስልኩ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈልና ቢያንስ 60 ቀን እንዲሠራ ይጠይቃል። ቲ-ሞባይል በወርሃዊ ቢል ላለ መስመር 40 ቀንና ሙሉ ክፍያ ይላል። እነዚህ ደንቦች ይቀያየራሉ፣ ስለዚህ ከጉዞ ሁለት ወር በፊት የድርጅታችሁን ገጽ እዩ።

አከፋፈሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። መተግበሪያው ውስጥ ገብታችሁ “ቢል ክፈል” በሚለው በኩል 550 ዶላር ብትልኩ፣ ያ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የስልኩን ዕዳ አይዘጋም። እንደ ተቀማጭ ሂሳቡ ላይ ይቀመጥና ለሚቀጥሉት ወራት ቢል እየተቀነሰ ያልቃል። ዕዳው ግን እንዳለ ነው። ስልኩ ወዳለበት ገጽ ገብታችሁ የዚያን ስልክ ዕዳ ለብቻው የሚዘጋውን ምረጡ። ከዚያ ሁለት ቀን ቆይታችሁ ቀሪው ዜሮ መሆኑን እዩ፣ እና ሎኩ እንዲከፈት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ካልጠየቃችሁ አይከፈትም። አይፎን ከሆነ ለማረጋገጥ እዚህ ግቡ፦

```
Settings > General > About > Carrier Lock
```

እዚያ `No SIM restrictions` የሚል ካያችሁ ስልኩ ተከፍቷል። ሌላ ነገር ከተጻፈ ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት።

ለሁለትና ለሦስት ወር አገር ቤት ስትሄዱ መስመሩን በራሳችሁ ፈቃድ ለጊዜው ማስቆም ትችላላችሁ። የስልኩ ወርሃዊ ዕዳ ግን በዚያ ጊዜም ይመጣል። ቅናሹ ይቀጥል እንደሆነም ለይታችሁ ጠይቁ።

ቢሉ ሲያልፍ፦ መስመሩ ከመዘጋቱ በፊት ያለው ጊዜ

አንድ ቀን ያለፈ ቢል መስመር አያዘጋም። መጀመሪያ መልእክትና ኢሜል ይመጣል። ቀጥሎ የመዘግየት ቅጣት ይጨመራል፣ ጥቂት ዶላር ነው። ከዚያ የሚዘጋበት ቀን ተጽፎ ይመጣል። ይሄ ከሁሉም የሚበልጥ መልእክት ነው፣ ምክንያቱም እስከዚያ ቀን ድረስ የሚከፈት በር አለ።

በሩ የክፍያ ቀጠሮ ይባላል። መተግበሪያው ላይ ወይም ደውላችሁ “ገንዘቡ በዚህ ቀን ይገባል፣ በዚያ ቀን እከፍላለሁ” ትላላችሁ፣ ወይም ለሁለት ትከፍሉታላችሁ። ቀጠሮውን እስካከበራችሁ መስመሩ አይዘጋም። ግን ደመወዝ የሚገባበትን ቀን አትምረጡ፣ ሁለት ቀን ጨምሩበት። ደመወዝ አርብ ጠዋት ይገባል ብላችሁ አርብን ከመረጣችሁና ባንኩ ከሰዓት ካስገባው፣ ክፍያው ይመለሳል፣ የተመለሰ ክፍያ ቅጣት ይመጣል፣ ቀጠሮውም ፈረሰ ተብሎ መስመሩ ወዲያው ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛ ቀጠሮ ላይሰጡም ይችላሉ።

እኛን የጎዳን ቀጠሮ መያዝ የሚችለው የሂሳቡ ባለቤት ወይም በሱ የተፈቀደለት ሰው ብቻ መሆኑ ነው። የቤተሰብ ፓኬጅ ርካሽ ስለሆነ አንድ ሰው አምስት ሰው በስሙ ያስገባል። እኛ በየወሩ ድርሻችንን ለጋሼ እንሰጣለን። የኔን ድርሻ ከፍያለሁ ማለት ግን ለድርጅቱ ምንም ማለት አይደለም፣ ሂሳቡ አንድ ነው፣ ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል። አሁን ጋሼ እኔን ሁለተኛ ተጠሪ አድርገው አስገብተውኛል፣ ማስጠንቀቂያም ለሁለታችን ኢሜል ይመጣል። ይሄ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ዛሬ ማታ ሥሩት።

መስመሩ ከተዘጋ በኋላ

በመጀመሪያው ደረጃ ስትደውሉ ጥሪው ወደ ድርጅቱ የክፍያ ክፍል ይሄዳል። ኢንተርኔቱ ይቆማል። ወደናንተ የሚመጣ ጥሪም ቀስ ብሎ ወይም ወዲያው ይቆማል። የማይዘጋው ሁለት ነገር ነው። 911 ሁልጊዜ ይሠራል፤ የስልክ ድርጅቶች መስመር ቢኖርም ባይኖርም የ911 ጥሪ እንዲያስተላልፉ በፌዴራል ደንብ ይገደዳሉ። ዋይፋይም ይሠራል፤ ቴሌግራም፣ ዋትሳፕ፣ ኢሜል እዚያ ላይ አለ።

አደገኛው የማይታሰበው ነው፦ በአጭር መልእክት የሚላክ ኮድ። ባንካችሁ፣ የኡበር ወይም የሊፍት ሹፌር መተግበሪያችሁ፣ የሥራ መግቢያችሁ ኮድ ወደ ተዘጋው ቁጥር ይልካል። የአጎቴ ልጅ ገንዘቡ እያላት ቢሉን መክፈል ያቃታት ለዚህ ነው። ስለዚህ መስመሩ ገና ክፍት እያለ ባንካችሁን በኮድ ማመንጫ መተግበሪያ ወይም በኢሜል እንዲያረጋግጣችሁ አድርጉት።

ለማስከፈት የሄድንበት መንገድ ይሄ ነው። ከተዘጋው ስልክ 611 ደወልን፣ ያ ወደ ድርጅቱ ይደርሳል። ሠራተኛዋ የሂሳቡ ባለቤት ስላልሆንኩ ዝርዝር ልታወራኝ አልቻለችም። ግን ክፍያ ማንም ሰው መክፈል ይችላል አለችኝ፣ ቁጥሩን ብቻ አውቆ። ስንት ነው ስላት “550” አለች። ልከፍል ስል አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ “ዛሬ እንዲከፈት መከፈል ያለበት ስንት ነው?”

መልሱ ሌላ ሆነ። 550ው የተደመረው እንዲህ ነው፦ ያለፈው ወር 230፣ የመዘግየት ቅጣት 10፣ የማስከፈቻ ክፍያ በየመስመሩ 20 ሆኖ ለአራት መስመር 80፣ እና ቀኑ ገና ያልደረሰው የአዲሱ ወር ቢል 230። ለማስከፈት የሚያስፈልገው 320 ብቻ ነበር። እጅ አጥሮት ላለ ሰው በ550 እና በ320 መካከል ያለው ልዩነት የቤት ኪራይ ማሟያ ነው። ከከፈልኩ በኋላ መስመሮቹ በሰዓት ውስጥ ተመለሱ። የኔ አልተመለሰም ነበር፣ አጥፍቼ ሳበራው መጣ። ጋሼ ከአዲስ አበባ በዋይፋይ ገብተው ካርዱን ሲቀይሩ ደግሞ “የመጀመሪያ ጊዜያችን ነው፣ የማስከፈቻውን ቀንሱልን” ብለው በቻት ጻፉ። 40 ዶላር ቀነሱላቸው። መጠየቅ አያስከፍልም።

ከተከፈተ በኋላ ያለውን የሚቀጥለውን ቢል በደንብ እዩት። ቅናሹ መጥቷል ወይ? አንዳንድ ጊዜ በተዘጋበት ወር ሳይገባ ይቀራል። ካልገባ በዚያው ሳምንት ጻፉላቸው።

ካልተከፈለና መስመሩ ለዘለቄታው ከተቋረጠ

ተዘግቶ ለሳምንታት ካልተከፈለ ድርጅቱ መስመሩን ይሰርዘዋል። እዚህ ላይ ሦስቱ ውሎች አንድ ላይ ይፈርሳሉ። አገልግሎቱ ያልቃል። ቅናሹ ይቆማል። የስልኩ ዕዳ ግን አይቀርም፣ እንዲያውም ወርሃዊነቱ ቀርቶ ሙሉው በአንዴ ይጠየቃል። በኛ ቤት ቢሆን ኖሮ፣ የጋሼ ስልክ 22 ወር በ25፣ 550 ዶላር። የአጎቴ ልጅ ስልክ 30 ወር በ20፣ 600 ዶላር። ድምር 1,150፣ ያልተከፈለው ቢል ሳይጨመር። ስልኩም እንዳይሠራ ሊታገድ ይችላል። የታገደ ስልክ ዕዳው እስኪከፈል ሌላ የአሜሪካ ድርጅት ላይ አይሠራም። (ከሰው ላይ ያገለገለ ስልክ የምትገዙ ከሆነ `*#06#` ደውላችሁ የሚመጣውን አይኤምኢአይ ቁጥር ሳትፈትሹ ገንዘብ አትስጡ። ሻጩ ነገ ዕዳውን መክፈል ካቆመ የሚታገደው እናንተ እጅ ያለው ስልክ ነው።)

ቁጥራችሁን የምትወዱት ከሆነ መስመሩ ከመሰረዙ በፊት ወደ ሌላ ድርጅት አዛውሩት። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ግልጽ ነው፣ ዕዳ አለባችሁ ብሎ የድሮው ድርጅት ቁጥሩን አልለቅም ማለት አይችልም። ከተሰረዘ በኋላ ግን የሚዛወር ነገር የለም። ማዛወሩ ዕዳውን አይሰርዝም፣ የስልኩ ቀሪ በመጨረሻው ቢል ላይ ይመጣል፣ ቢያንስ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቁጥር ይተርፋል። ለዚህ የሂሳብ ቁጥርና የማዛወሪያ ፒን ያስፈልጋል፣ መተግበሪያው ገና እየከፈተላችሁ እያለ አውጡት።

ዕዳው ለሰብሳቢ ድርጅት ከተሰጠ፣ ሰብሳቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ካገኛችሁ በኋላ በ5 ቀን ውስጥ ስንት እንዳለባችሁና የማን እንደሆነ በጽሑፍ መላክ አለበት። ወረቀቱ ከደረሳችሁ 30 ቀን አላችሁ። ቁጥሩ ካልገባችሁ በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ “አረጋግጡልኝ” በሉ፣ እስኪያረጋግጥ መሰብሰብ ያቆማል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የመለሳችሁት ስልክ ወይም ያልገባ ቅናሽ ነው፣ ቅድም ያልኳችሁ የቻት ፎቶ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ያልተከፈለ ዕዳ የክሬዲት ታሪክ ላይ ከገባ እስከ 7 ዓመት ይቆያል። በቤተሰብ ፓኬጅ የሚገባው በሂሳቡ ባለቤት ስም ነው፣ ቢሉን ያልከፈለው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ።

ድርጅቱ ራሱ ተሳስቶ አልሰማም ካለ `consumercomplaints.fcc.gov` ላይ አቤቱታ አስገቡ። ነጻ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልግም። ኮሚሽኑ ለድርጅቱ ያስተላልፈዋል፣ ድርጅቱም በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲመልስ ይጠበቅበታል። አጭር አድርጋችሁ ጻፉ፦ የገዛችሁበት ቀን፣ የተባላችሁት ቅናሽ በዶላር፣ ቢሉ ላይ የመጣው፣ የምትፈልጉት። ፎቶዎቹን አያይዙ።

ጋሼ ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ። መጀመሪያ ያደረጉት አዲሱን ካርድ ከመሳቢያ አውጥተው የሚያልቅበትን ወርና ዓመት ማቀዝቀዣው በር ላይ መለጠፍ ነው።